ልጄ አፏ ዙሪያ ቢጫ ቅርፊት ወጥቶባታል፤ ማቆያው «እስክትድን አታምጧት» ብሎናል

የሶልያና እናት፣ አዲስ አበባ
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ዓመት ከስምንት ወሯ ነው፤ ባለፈው ስትመዘን 10 ኪሎ ነበረች። ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ሲፈስ ሰነበተ፤ ከአፍንጫዋ በታች ያለው ቆዳ ከመጠረጉ ብዛት ቀልቶ ተላጠ። ከዚያ እዚያው ላይ ትንሽ ውኃ የቋጠረ ነገር ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ፈርጦ ደረቀ። የደረቀው ግን እንደተለመደው የቁስል ቅርፊት ጥቁር ቡናማ አይደለም። ቢጫ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ማር ጠብ ብሎበት የደረቀ ይመስላል። ቀጥሎ በቀኝ የከንፈሯ ጥግ ወጣ፣ ከዚያም አገጯ ላይ። ትኩሳት የላትም፣ ትበላለች፣ ትጫወታለች። ሳያሳክካት አይቀርም፣ በጥፍሯ ትነካካዋለች።

ከሰፈራችን መድኃኒት ቤት አንድ ክሬም ገዝቼ ቀባኋት። መጀመሪያ ቅላቱ ቀንሶ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ጉንጯ ላይ ሌላ አዲስ ወጣ፤ የአገጯም ሰፋ። ትናንት የማቆያው ኃላፊ ደውላ ሌላም ልጅ ተመሳሳይ ነገር እንደወጣበት ነገረችኝና ከሐኪም ወረቀት ሳናመጣ እንዳንመለስ አስጠነቀቀችን። አማቴ ደግሞ ምች ነው ብለው ዳማከሴ ሊያሹላት ይፈልጋሉ። ይህ ነገር ምንድን ነው? ወደ ማቆያው መቼ ትመለስ? ሌሊት ጡት ትጠባለችና እሱስ ችግር አለው?

የደሴዋ እናት
ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። አማትሽ እውነታቸውን ነው። ከንፈር አጠገብ ውኃ ቋጥሮ የሚፈነዳ ቁስል ምች ነው፤ ፀሐይ መትቷት ይሆናል። ዳማከሴውን በእጅሽ አሽተሽ ጭማቂውን ቀቢላት፣ ጥቂት ደግሞ አሽትቻት። እኛ ልጆቻችንን ሁሉ ያሳደግነው በዚህ ነው። ማቆያ ውስጥ ሌላ ልጅ ያዘው ማለት ሁሉንም ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀምጠዋቸዋል ማለት ነው።

የአቤል አባት
የእኛም ልጅ እንዲህ ሆኖ ነበር። ምላሱና ጉንጩ ውስጥ ነጭ ነገር ሸፍኖት ጡት አልጠባም ብሎ ሲያለቅስ ሐኪሙ ፈንገስ ነው ብሎ የኒስታቲን ጠብታ አዘዘለት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠፋ። እናትየዋም ጡቷን መቀባት አለባት ተብሏል። ጠብታውን ግዢላት እህቴ።

የሶልያና እናት
የአቤል አባት፣ አመሰግናለሁ። የሶልያና ግን አፏ ውስጥ አይደለም፤ ውስጡ ንጹሕ ነው። ውጭ ቆዳዋ ላይ ነው።

የሕፃናት ሐኪም፣ ጎንደር
እህቴ፣ ከመናገሬ በፊት ጥቂት ነገር ልጠይቅሽ። አንደኛ፣ የገዛሽውን ክሬም ቱቦ አንሥተሽ በትንሽ ፊደል የተጻፉትን የመድኃኒት ስሞች ሁሉንም ጻፊልኝ። ሁለተኛ፣ ድዷ አብጦ ቀልቷል? ምራቅ ታዝረበርባለች? ምግብ ስትቀምስ ታለቅሳለች? ሦስተኛ፣ ውኃ የቋጠሩት ትናንሽ ሆነው በአንድ ቦታ ተሰብስበው ነበር ወይስ አንድ በአንድ ተራርቀው? አራተኛ፣ ከቤተሰቡ ሌሊት ሌሊት ሰውነቱን የሚያሳክከው ሰው አለ?

የመጨረሻው ጥያቄ የማይገናኝ ሊመስልሽ ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ቤት ውስጥ ያልታከመ እከክ ይኖርና ልጁ ሲያክ በተላጠው ቆዳ በኩል ይህ ቁስል ይገባል። እከኩ ሳይታከም ቁስሉ ብቻ ቢታከም ተመልሶ ይመጣል።

የሶልያና እናት
ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቱቦው ላይ ቤታሜታዞን፣ ጄንታማይሲን እና ክሎትሪማዞል ይላል። ድዷ ደህና ነው፤ ምራቋም እንደ ወትሮው ነው። ውኃ የቋጠሩት አንድ በአንድ የተራራቁ ናቸው፤ አሁን ከአፍንጫዋ በታች፣ ከከንፈሯ ጥግ፣ አገጯ ላይ ሁለት፣ ጉንጯ ላይ አንድ አለ። ሌሊት የሚያሳክከው ሰው የለንም።

የሕፃናት ሐኪም፣ ጎንደር
እንግዲያው በአካል ሳላያት የመጨረሻ ቃል ባልናገርም የገለጽሽው ኢምፔቲጎ የሚባለውን የቆዳ ቁስል በደንብ ይመስላል። ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባሉ ልጆች በብዛት እናየዋለን፤ ከዚያ በታችም ይከሰታል። አምጪዎቹ ስታፊሎኮከስ እና ስትሬፕቶኮከስ የተባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ጤናማ ቆዳ አብዛኛውን ጊዜ አያስገባቸውም። የሶልያና ቆዳ ግን በጉንፋኑ ፈሳሽና በመጠረጉ ተልጦ ስለነበር በር ተከፈተላቸው። ከአፍንጫ በታች ጀምሮ ወደ ከንፈርና አገጭ መውረዱም ከዚህ የመጣ ነው፤ ስትነካካው በጥፍሯ ይዛ ወደ ሌላው ቦታ ትወስደዋለች።

የደሴዋ እናት የጠረጠሩት ከንቱ አይደለም። እኛ ምች ከምንላቸው ብዙዎቹ ሄርፒስ የሚባለው ቫይረስ የሚያወጣቸው ናቸው፤ እነሱም ከንፈር አጠገብ ውኃ ይቋጥራሉ። ነገር ግን ሄርፒስ ትናንሽ ነጠብጣቦች ሆኖ በአንድ ቀይ መደብ ላይ ተሰብስቦ ይወጣል፣ ያማል፤ ሕፃን ልጅን መጀመሪያ ሲይዝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳት፣ የድድ እብጠትና ምግብ እምቢ ማለት አብረውት ይመጣሉ። ሶልያና ጋ ይህ የለም። እናታችን፣ ዳማከሴው በተላጠ ቆዳ ላይ ከነእጅ ሲታሽ ቁስሉን ያሰፋዋል፤ በዚያም ላይ ያሸው እጅ ሌላ ልጅ ይነካል። ስለዚህ ቅር አይበልዎት፣ ለአሁኑ ይቅር።

አሁን ስለ ክሬሙ። ቤታሜታዞን የሚያደርገውን በዓይንሽ አይተሻል። ስቴሮይድ ስለሆነ ቅላቱንና እብጠቱን ያበርዳል፤ የዳነ ይመስላል። የቆዳውን የመከላከል አቅም ግን አብሮ ያዳክመዋል። ባክቴሪያው ከሥር እየሰፋ ይሄዳል። ክሎትሪማዞሉ የፈንገስ ነው፣ እዚህ ሥራ የለውም። ጄንታማይሲን ጥቂት ሊረዳ ይችል ነበር፤ ከስቴሮይዱ ጋር ተቀላቅሎ ሲቀባ ግን ጥቅሙ በጉዳቱ ይዋጣል። ዛሬውኑ አቁሚው። ለማንኛውም ዓይነት የቆዳ ችግር ይህን ክሬም መስጠት በአገራችን እጅግ የተለመደ ነው፤ እኔ በግሌ በጣም ያሳዝነኛል።

ቁስሉ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ቢሆንና ሌላ ልጅ ባይያዝ ኖሮ 2 በመቶ ሙፒሮሲን ወይም 2 በመቶ ፉሲዲክ አሲድ ቅባት በቀን ሦስት ጊዜ ለአምስት እስከ ሰባት ቀን ይበቃሽ ነበር እልሽ ነበር። አንቺ ጋ ግን ቁጥሩ እየጨመረ ነው፤ ማቆያው ውስጥም ሌላ ልጅ አለ። እንዲህ ሲሆን የሚዋጥ መድኃኒት እንመርጣለን፣ መስፋፋቱንም ቶሎ ይገታዋልና። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ይዘሻት ሂጂና ይመዝኗት፣ ይዩዋት። አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው ክሎክሳሲሊን ወይም ሴፋሌክሲን ሽሮፕ ነው። መጠኑ በክብደት ነው የሚሰላው። ለአብነት 10 ኪሎ ለሆነች ልጅ ክሎክሳሲሊን በቀን በኪሎ 50 ሚሊግራም ቢታዘዝ በቀን 500 ሚሊግራም ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል 125፣ ይህም በብዙዎቹ ሽሮፖች 5 ሚሊ ሊትር ነው። ይህን የጻፍሁት ሐኪሟ ሲያዝላት እንድትከታተዪ ነው እንጂ ራስሽ ገዝተሽ እንድትጀምሪ አይደለም። የፔኒሲሊን አለርጂ በቤተሰብ ካለ ደግሞ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ጡት አታቋርጪ። ከመጥባቷ በፊት አፏ ዙሪያ ያለውን ፈሳሽ አድርቂላት፣ ከጠባች በኋላ ጡትሽን በውኃና በሳሙና ታጠቢ። የጡትሽ ጫፍ ዙሪያ ቀልቶ ወይም ውኃ ቋጥሮ ካየሽ አንቺም መታየት አለብሽ።

የብርሃኑ ልጅ፣ ባሕር ዳር
እኛ አሞክሲሲሊን ሰጥተነው ነው የዳነው። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ልጆችም ጣዕሙን ይወዱታል። ክሎክሳሲሊን መራራ ስለሆነ የእኛ ልጅ ሲተፋው ነበር። ዶክተሩ ለምን አሞክሲሲሊን እንዳላነሱ አልገባኝም።

ፋርማሲስት፣ ሐዋሳ
ወንድሜ፣ ልጅህ በመዳኑ ደስ ይለኛል። አሞክሲሲሊን ስትሬፕቶኮከስን ይገድላል። ስታፊሎኮከስ ግን በአብዛኛው አሞክሲሲሊንን የሚሰባብር ኢንዛይም ያመርታል፤ ዛሬ ኢምፔቲጎን በብዛት የሚያመጣውም እሱ ነው። የልጅህ ቁስል የስትሬፕቶኮከስ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ትንሽ ስለነበረ በራሱ ጊዜ ድኖ ሊሆን ይችላል፤ ያለ መድኃኒትም በሁለትና በሦስት ሳምንት የሚደርቅ አለ። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በዓይን አይለይም። ክላቩላኒክ አሲድ የተጨመረበት አሞክሲሲሊን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ስታፊሎኮከስንም ይይዛል።

ስለ ክሎክሳሲሊን መራራነት የተባለው እውነት ነው። እሱ በባዶ ሆድ፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ፣ በቀን አራት ጊዜ መሰጠት አለበት። ይህን ሰዓት ከትንሽ ልጅ ጋር መጠበቅ ለእናት ከባድ ነው። ሴፋሌክሲን ከምግብ ጋር ይሰጣል፣ ጣዕሙም ይሻላል፣ በቀን ሦስት ጊዜም ሊታዘዝ ይችላል። ለ10 ኪሎ ልጅ 125 ሚሊግራም ሦስት ጊዜ ቢታዘዝ በኪሎ 37.5 ሚሊግራም ይሆናል፤ የተለመደው ወሰን በቀን በኪሎ ከ25 እስከ 50 ነው። ስለዚህ ሐኪሟን ሴፋሌክሲን ይገኝ እንደሆነ ጠይቂ። የሚለካውም በመድኃኒት መለኪያ ሲሪንጅ ይሁን፤ የሻይ ማንኪያ ከቤት ቤት ይለያያል።

ምሕረት፣ ለንደን
እዚህ ብሪታኒያ ቁስሉ ጥቂት ሆኖ ልጁ ደህና ከሆነ መጀመሪያ አንቲባዮቲክ አይሰጡም። 1 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ክሬም በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለአምስት ቀን ነው የሚያዝዙት። ባክቴሪያው አንቲባዮቲክ እንዳይለምድ ነው ይላሉ። ለልጄ ሠርቶለታል። ኦክሲጅን ውኃ የምንለው እኮ ኢትዮጵያ ውስጥ በየመድኃኒት ቤቱ አለ፤ ለምን አትሞክሩትም?

ፋርማሲስት፣ ሐዋሳ
ምሕረት፣ ያልሽው አሠራር ትክክል ነው። ነገር ግን እባካችሁ ሁለቱን አታምታቱ። እኛ ጋ በጠርሙስ የሚሸጠው ፈሳሽ 3 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ የአንቺው ክሬም 1 በመቶ ሆኖ ቀስ ብሎ እንዲለቅ የተሠራ ነው። ፈሳሹ በሕፃን የተላጠ ፊት ላይ፣ ያውም አፍና ዓይን አጠገብ፣ ያቃጥላል። ክሬሙን እዚህ ገበያ ላይ አይቼው አላውቅም።

በሞግዚትነት የሠራሁ፣ አዲስ አበባ
ስለ ማቆያው እኔ ልናገር። በአንድ ማቆያ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። ይህ ቁስል ሲገባ የሚዞርበትን መንገድ በደንብ አውቀዋለሁ። ግድግዳው ላይ በምስማር የተሰቀለ አንድ ፎጣ ነበር። ከምሳ በኋላ ልጆቹን በተራ አስቀምጠን በዚያው ፎጣ አፍንጫና አፍ እንጠርጋለን፣ ጫፉን እያገላበጥን። ሲመሽ ፎጣው እርጥብ ሆኖ እዚያው ይውላል ያድራል። አንድ ልጅ ከንፈሩ ጥግ ላይ ቢጫ ነገር ይዞ በመጣ በሳምንቱ ሦስት ሆኑ። ሁላችንም በአሻንጉሊቱ አሳበብን። አሻንጉሊቱንም በበረኪና አጠብነው። ፎጣው ግን እንደተሰቀለ ቀረ።

በኋላ አንዲት ነርስ መጥታ ስታየው ወዲያው አወረደችው። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚጣል ሶፍት ሆነ፤ በየልጁ መካከልም እጃችንን በሳሙና ታጠብን። ያስቆመው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የሶልያና እናት፣ ወደ ማቆያው ስትሄጂ ኃላፊዋን ስለ ፎጣው ጠይቂያት። ትራስና የመኝታ አንሶላስ በየልጁ ለየብቻ ነው? የውኃ መጠጫውስ? ልጅሽን ለብቻዋ ብታክሚያትም እዚያ ያለው ካልተስተካከለ ከሌላው ልጅ እንደገና ታመጣዋለች።

የሶልያና እናት
እታለም፣ ስለ ፎጣው የጻፍሽውን ሳነብ ልቤ ደነገጠ። ልጄን ስወስዳት አንድ ሰማያዊ ፎጣ መታጠቢያው በር ላይ ተሰቅሎ አያለሁ። ነገ እጠይቃለሁ።

ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ቅርፊቱን ላንሣው ወይስ ልተወው? የሥራ ባልደረባዬ ቅርፊቱ ካልተነሣ መድኃኒቱ አይደርስም አለችኝ፤ እናቴ ደግሞ ካነሣሽው ጠባሳ ይተዋል ትለኛለች።

የሕፃናት ሐኪም፣ ጎንደር
ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ቅባት በወፍራም ቅርፊት ላይ ሲቀባ ከላይ ተቀምጦ ይቀራል፤ ባክቴሪያው ያለው ከሥር በእርጥቡ ቆዳ ላይ ነው። ስለዚህ እኔ እንዲህ እመክራለሁ። ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ለብ ያለ ውኃ ነክረሽ ቅርፊቱ ላይ አሥር ደቂቃ ያህል አሳርፊበት። ጡት ስትጠባ ወይም እንቅልፍ ሲወስዳት ቢሆን ትታገሥሻለች። ከዚያ በቀላል ሳሙና ቀስ ብለሽ ጥረጊው። የላላው ይነሣል። ያልላላውን አትጎትቺው፤ ደም ካወጣሽ አዲስ በር ትከፍቻለሽ። አድርቀሽ ቅባቱን በስሱ ቀቢ። ምግብ ከበላች በኋላ ይሁን፣ ያለዚያ ትልሰዋለች። ጨርቁን ዳግመኛ አትንከሪው፣ ወዲያው ለመፍላት ለይተሽ አስቀምጪው።

ጠባሳ በተመለከተ፣ ኢምፔቲጎ የላይኛውን የቆዳ ሽፋን ብቻ ስለሚነካ ብዙ ጊዜ ጠባሳ አይተውም። ለጥቂት ሳምንታት ቦታው ነጣ ወይም ጠቆር ብሎ ሊቆይ ይችላል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ይህ ጎልቶ ስለሚታይ እናቶች ይደነግጣሉ። ቀስ በቀስ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ፋርማሲስት፣ ሐዋሳ
ዶክተር፣ በዚህ ላይ ትንሽ እለያለሁ። ቅርፊት ማንሣት ፈውሱን ያፋጥናል የሚለው በጥናት በደንብ የተደገፈ አይደለም። ሽሮፕ ለሚወስድ ልጅ ደግሞ መድኃኒቱ በደም በኩል ስለሚደርስ ቅርፊቱ ላይ መድከሙ የግድ አይመስለኝም። እናቶች «ይነሣ» ሲባሉ ይፍቃሉ፤ ፈቅፍቀው ያመጧቸውን ልጆች አይቻለሁ።

የሕፃናት ሐኪም፣ ጎንደር
ስለ ጥናቱ ያልከው ልክ ነው፤ መፋቅን በተመለከተም ስጋትህን እጋራለሁ። እኔ የማየው ግን በቅባት ብቻ በሚታከሙት ላይ ልዩነት እንዳለው ነው። ሽሮፕ ለጀመረችው ፊቷን በቀን ሁለት ጊዜ በሳሙና ማጠቡ ይበቃል ብትል አልከራከርህም።

የይስሐቅ አባት፣ አዳማ
ይህን ጉዳይ ማንም በቀላሉ እንዳያየው እለምናችኋለሁ። የእኔ ልጅ እግሩና ፊቱ ላይ እንዲህ ዓይነት ቁስል ወጥቶበት ቅባት ብቻ ቀብተን ደረቀ። ረስተነው ከቆየን በኋላ አንድ ጠዋት ዓይኖቹ አብጠው ተነሣ። አለርጂ መስሎን ነበር። ሽንቱ ግን ወደ ቡናማ ጠቁሮ፣ መጠኑም አንሶ ነበር። ሆስፒታል ወስደነው የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ኩላሊቱ ተቆጥቷል አሉን። ተኝቶ ታክሞ ዳነ፣ ተመስገን። ሐኪሞቹ መነሻው ያ የቆዳ ቁስል ነው ሲሉን ማመን አቅቶን ነበር። ቶሎ ሽሮፕ ብንሰጠው ኖሮ ይህ ባልመጣ ነበር?

የሕፃናት ሐኪም፣ ጎንደር
ወንድሜ፣ በደህና ስለተሻለው እግዚአብሔር ይመስገን። ልጅህ የገጠመው ከስትሬፕቶኮከስ ቁስል በኋላ የሚመጣ የኩላሊት ብግነት ነው። በቆዳ ቁስል ምክንያት ሲሆን ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ዘግይቶ ይመጣል፤ ቁስሉ ከተረሳ በኋላ ማለት ነው። የጠየቅኸውን በእርግጠኝነት አዎን ልልህ አልችልም። አንቲባዮቲክ መስጠት በአንድ ልጅ ላይ ይህን ለመከላከሉ ጠንካራ ማስረጃ የለም። ጀርሙ ወደ ሌሎች እንዳይዛመት ማድረጉ ግን የታወቀ ነው። ስለዚህ ሽሮፕ ባለመስጠትህ ራስህን አትውቀስ።

ብዙ ልጆች ይህ አይገጥማቸውም። ለሁሉም ግን ቁስሉ ከዳነ በኋላም ለጥቂት ሳምንታት ጠዋት የዓይን ዙሪያ እብጠትንና የሽንት ቀለምን ልብ ማለት ይገባል። ከዚህ የተለየና ያለ ቀጠሮ ወደ ሆስፒታል የሚያስሮጠው ደግሞ ቆዳዋ በሰፊው ቀልቶ ሲነካ ቢያማትና ሳትታከክ እየተላጠ ቢሄድ ነው፤ ትኩሳት፣ የዓይን ዙሪያ ቅላትና መድከምም እንዲሁ።

ትዕግሥት፣ ቨርጂኒያ
እኔ የምለው ስለ መመለሻ ቀኑ ነው። እዚህ አሜሪካ የልጄ መዋያ አንቲባዮቲክ ከጀመረ 24 ሰዓት ሲሞላው ተቀበለው፤ ክፍት የሆነውን ቁስል ብቻ ሸፍኑ አሉን። የሶልያና ማቆያ እስክትድን ማለቱ ትክክል አይመስለኝም። ሥራ ያለው ወላጅ ያን ሁሉ ቀን ልጁን ማን ጋ ያስቀምጣል?

ምሕረት፣ ለንደን
እዚህ 48 ሰዓት ነው፣ ወይም መድኃኒት ያልወሰደ ከሆነ ቁስሉ በሙሉ ደርቆ ቅርፊት እስኪይዝ ድረስ።

የሕፃናት ሐኪም፣ ጎንደር
ሁለታችሁም የየአገራችሁን መመሪያ ነው የተናገራችሁት። ልዩነቱ ጥንቃቄ ላይ ነው። እኔ ለሶልያና 48 ሰዓት እመርጣለሁ። አፍ ላይ ያለ ቁስል በፋሻ አይሸፈንም፣ በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅም ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ታስገባለች። ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። ከ48 ሰዓት በኋላ አዲስ ካልወጣ፣ የነበረውም ማርጠቡን ካቆመ፣ ትመለስ። ለማቆያው ወረቀት የሚጽፈው ሐኪም መድኃኒቱ የተጀመረበትን ቀንና ሰዓት ቢያስገባ ለሁለታችሁም ክርክር አይሆንም።

ሌሎቹን ልጆች ደግሞ ሁሉንም መድኃኒት አታጠጡ። ከተጋለጡ በኋላ እስከ አሥር ቀን ድረስ ሊወጣ ስለሚችል በየጠዋቱ ሲገቡ አፍንጫና አፋቸውን በብርሃን ማየት ይበቃል።

የሶልያና እናት
ለሁላችሁም የምሥራች። ጤና ጣቢያ ወስጃት የሕፃናት ክፍል ሐኪሟ አየቻትና ኢምፔቲጎ ነው አለች። መዝና ሴፋሌክሲን ለሰባት ቀን አዘዘችላት፤ ስለ ክሎክሳሲሊን ስጠይቃት እሱም ይሆን ነበር፣ ግን ትተፋዋለች ብላ ነው። ጥፍሯን ቆረጥኩላት። ፎጣዋንና የትራሷን ልብስ ለይቼ በፈላ ውኃ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። እንግዳ ሲመጣ ጉንጯን እንዳይስማት መከልከሉ ከሁሉ ከብዶኝ ነበር፤ አማቴ ናቸው በር ላይ ቆመው የሚከላከሉልኝ። ዳማከሴውን ስለተዉት አመሰግናቸዋለሁ።

አሁን የጉንጯና የአገጯ ደርቆ ጫፉ መነሣት ጀምሯል፣ ከሥሩ ሮዝ የሆነ ቆዳ ይታያል። ከአፍንጫዋ በታች ያለው ግን አሁንም ይረጥባል፤ አፍንጫዋ መፍሰሱን አላቆመምና።

ማቆያው ሄጄ ስለ ፎጣው ጠየቅሁ። ኃላፊዋ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ ከሞግዚቶቹ ጋር ተነጋግራ አወረዱት። ሌሎች ሁለት ልጆች እንደወጣባቸውም ነገረችኝ። ያኔ ነው የገረመኝ፤ ከመጀመሪያው ልጅ ይልቅ ከእኔ ልጅ ነው የመጣው ብለው ነበር ለካ የሚያስቡት።

በሞግዚትነት የሠራሁ፣ አዲስ አበባ
ፎጣውን ማውረዳቸው ትልቅ ነገር ነው። ማን ጀመረው የሚለውን ተይው፤ ማንም አያውቀውም። ብዙ ሰው ስታፊሎኮከሱን በአፍንጫው ይዞ ሳይታመም እንደሚዞር ያቺ ነርስ ነግራናለች። ከልጆቹ ይልቅ ከእኛ ከአንዷም ሊሆን ይችላል።

የሕፃናት ሐኪም፣ ጎንደር
ትክክል ነው። እርጥብ የቀረውን በተመለከተ፣ አፍንጫዋን በጠረግሽ ቁጥር ለስላሳ ሶፍት ነካ ነካ አድርጊበት እንጂ አትሽው፤ ከዚያ ቫዝሊን በስሱ ቀብተሽ ፈሳሹ ቆዳዋን እንዳይነካ ከልክይ። ሽሮፑ እስከ ሰባተኛው ቀን ይቀጥል፣ ደረቀ ብለሽ አታቁሚው። ሦስት ቀን ሞልቶት ምንም ለውጥ ያላየሽበት ቁስል ካለ ግን ተመልሰሽ አሳዪያት፤ መድኃኒቱን የለመደ ስታፊሎኮከስ ሊሆን ስለሚችል ከቁስሉ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል።

ሰላማዊት፣ ጅማ
ዶክተር፣ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ጥያቄ አለኝ። የእኔ ልጅ በየሁለት ወሩ ገደማ እዚያው አፍንጫው ሥር ይመለስበታል፤ በታከመ ቁጥር ይድናል። አፍንጫው ውስጥ የሚቀባ ሙፒሮሲን እንዳለ ሰምቻለሁ። እኛ ወላጆቹም አብረን መቀባት አለብን?

የሕፃናት ሐኪም፣ ጎንደር
ሰላማዊት፣ የአፍንጫው ቅባት በቀን ሁለት ጊዜ ለአምስት ቀን በሁለቱም ቀዳዳ የሚቀባ ሲሆን፣ ተመላልሶ ለሚመጣ የምንሞክረው ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ይቀባ የሚለው ላይ ሐኪሞች አንድ አይደለንም። ጀርሙ በአንዳንዶች ጠፍቶ ከወራት በኋላ ይመለሳል። እኔ መጀመሪያ ልጁ ጣቱን አፍንጫው ውስጥ የማስገባት ልማድ፣ ችፌ ወይም እከክ እንዳለው አያለሁ። ቀጥሎ ከአፍንጫው ናሙና አስወስዳለሁ። ሲመለስበት ፎቶ አንሥተሽ ቀኑን ጻፊበት፣ ለሚያየው ሐኪም ይጠቅመዋል። ችፌ አለው እንዴ?

ሰላማዊት፣ ጅማ
አዎን፣ ክርኑና ጉልበቱ ማጠፊያ ላይ አለው። ከዚህ ጋር ይገናኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሰኞ ይዤው እሄዳለሁ።